የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ፦ ጤና አዳም መድኃኒት ቤት

(ድምፅ፦ ሕፃን ሲያለቅስ)

እናት፦ ልጄን አተኮሰው! ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ መድኃኒት ቤቱ ተዘግቷል።

ጎረቤት፦ ክፍት ነው እህቴ! አሁን እስከ ሌሊቱ 6 ይሠራሉ።

ተራኪ፦ ጤና አዳም መድኃኒት ቤት፣ ገርጂ መብራት ኃይል፣ ከኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ፊት ለፊት። ማታ 2 ሰዓት መዝጋት ቀርቷል! ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 እስከ ሌሊቱ 6፣ እሑድ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 4። ፋርማሲስቱ እስከ መዝጊያው ሰዓት አለ። የሐኪም ማዘዣችሁን ያዙ፤ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አንሸጥም። ለልጅ ከሆነ ክብደቱን ንገሩን፤ የትኩሳት ሽሮፕ መጠን የሚሰላው በኪሎ ነው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ግን እኛ ጋ አትምጡ፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል!