የንግድ ፈቃድ ማመልከቻዬ የት እንደደረሰ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት
የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ቡድን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመዝገብ ቁጥር 0487/17 ያስገባሁት የቁርስ ቤት ንግድ ፈቃድ ማመልከቻ ያለበት ደረጃ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ማመልከቻዬን ያስገባሁት ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 92ኛ ቀኑ። በበራችሁ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ለአዲስ ፈቃድ ሰባት የሥራ ቀን ይላል። ወረፋ ስጠብቅ ደጋግሜ አንብቤው በቃሌ ይዤዋለሁ።

የተጠየቅሁትን ሁሉ አንድ ላይ ነው ያስገባሁት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ የተረጋገጠ የቤት ኪራይ ውል፣ ጉርድ ፎቶ። የተቀበሉኝ ሠራተኛ አንድ በአንድ አይተው «ሙሉ ነው» ብለው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሰጥተውኛል።

ነሐሴ 2 ቀን ለብቃት ማረጋገጫው ሁለት ባለሙያዎች ቤቱን መጥተው አዩ። ሁለት ነገር አዘዙኝ። የእጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው እንዲለይ፣ ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳም ሴራሚክ እንዲለብስ። ልክ ናቸው፤ ዘይት የሚፈናጠርበት ግድግዳ ቀለም ብቻ ሆኖ አይጸዳም። ሁለቱንም በሁለት ሳምንት አስጨረስኩ። ነሐሴ 22 ቀን ተመልሰው መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ «አሁን ጥሩ ነው፣ ወደ ቢሮ እናስተላልፋለን» ብለው ሄዱ።

ፋይሌ የጠፋብኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መስከረም 12 ቀን መጥቼ ስጠይቅ ሲስተም የለም ተባልኩ። መስከረም 19 ቀን ፋይሉ ፊርማ ላይ ነው፣ ኃላፊው ግን ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። መስከረም 29 ቀን ደግሞ 4 ቁጥር መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይተው «የባለሙያ ሪፖርት አልገባም» አሉኝ። ታዲያ ሪፖርቱ ካልገባ ከአሥር ቀን በፊት ፊርማ ላይ የነበረው ምንድን ነው? ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጠይቀው። ሠራተኞቹ በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ። ግን ሦስቱ መልሶች አብረው አይሄዱም፤ እኔም የትኛውን ይዤ የት እንደምሄድ አላውቅም። ኦንላይን ሳየውም ከነሐሴ ጀምሮ «በሂደት ላይ» እንዳለ ነው።

ኪራዩ በወር 18,000 ብር ነው፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ ስላሉኝ ከሐምሌ 1 ጀምሮ 108,000 ብር ከፍያለሁ። ጥቅምት ሲያልቅ 72,000 ብሩ በተዘጋ በር ያልቃል። የቀጠርኳቸው ሁለት ልጆች አንዷ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። ፈቃዱ ስለሌለኝ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንም ማዘዝ አልቻልኩም። ጎረቤቶቼ «ዝም ብለሽ ክፈቺ፣ ማን ያይሻል» ይሉኛል። አልከፍትም። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። እሺ ብዬ ብከፍትና ነገ ቤቱ ቢታሸግ፣ ጎረቤቶቼ መጥተው አይከፍቱልኝም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን የምጠይቀው ይህን ነው። ፋይሌ አሁን በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ባለሙያ እጅ እንዳለ ይነገረኝ። የነሐሴ 22ቱ የምልከታ ሪፖርት ገብቷል ወይስ አልገባም? ካልገባ ባለሙያዎቹ እንዲያስገቡ ይታዘዝልኝ፤ ፎቶውን ያነሱት እነሱ ናቸውና እንደገና መምጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ካስፈለገም በማንኛውም ቀን ቤቱ ክፍት ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። የጎደለ ሰነድ ካለ ስሙ ተጽፎ ይሰጠኝ፤ በቃል ሲነገረኝ እየተለዋወጠ ተቸግሬያለሁ። ማመልከቻው ተቀባይነት የሌለው ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰኝ፤ አከራዩን ገና ሁለት ወር ሲቀረው አነጋግሬ የቀረውን ገንዘብ ለማትረፍ እንድሞክር።

መልሱን እስከ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ እጠብቃለሁ። ስልኬ በማመልከቻው ቅጽ ላይ ተሞልቷል፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። መጥቼ መውሰድ ካለብኝም ቀኑና የመስኮቱ ቁጥር ይነገረኝ እንጂ ጠዋት 2፡30 እደርሳለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሰናይት ተ.
አመልካች

አባሪ፦ ማኅተም ያለበት የማመልከቻ ደረሰኝ ቅጂ፣ የነሐሴ 2 የምልከታ ማስታወሻ ቅጂ፣ የተሠራው የእጅ መታጠቢያና ግድግዳ ፎቶ (ሁለት ገጽ)

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ለቅሬታ ሰሚ ክፍል