ለኪሊማንጃሮው ፎቶ፣ የተስተካከለው መግለጫ

እህቴ፣ ከፎቶው ሥር ልትለጥፊው የላክሽልኝ ይሄ ነበር፦

«ያሸነፍኩት ተራራውን አይደለም፣ ራሴን ነው! ከደመና በላይ ነፍሴን አገኘኋት። ሰማዩ እጄን ይዞ ‹ትችያለሽ› አለኝ። ሕልም ያላችሁ ሁሉ ክንፋችሁን ዘርጉ፣ ሕይወት አንዴ ናት! በአፍሪካ ጣሪያ ላይ የደስታ እንባ አነባሁ። ዛሬ እንደ አዲስ ተወለድኩ!!!»

በስልክ ከነገርሽኝ ተነሥቼ እንዲህ ጻፍኩት፦

«ኪሊማንጃሮ፣ ኡሁሩ ጫፍ፣ 5,895 ሜትር። ከኪቦ ካምፕ የተነሣነው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ግንባሬ ላይ ባሰርኩት ባትሪ የማየው ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነበር። መሪያችን ‹ፖሌ ፖሌ› ይላል፤ በስዋሂሊ ቀስ በሉ ማለት ነው። ልፍጠን ብልም አልችልም ነበር። የውሃዬ ቱቦ መንገድ ላይ በረዶ ሆነ። ጊልማንስ ፖይንት ስንደርስ ጎህ ቀደደ፤ ሌላው የተራራው ጫፍ ማዌንዚ ከኋላችን ጠቁሮ ቆሟል። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ እስከ ኡሁሩ ጫፍ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። ጫፉ ላይ የቆየነው አሥር ደቂቃ ነው። ፎቶውን ያነሣልኝ ረዳት መሪያችን ነው፤ ለዚህ ብሎ ጓንቱን አወለቀ።»

ለቅሶውን አላወጣሁትም፤ ቦታውን ግን መለስኩት። የመጀመሪያው ላይ ጫፉ ላይ ያነባሽ ይመስላል። ለእኔ የነገርሽኝ ግን ጊልማንስ ላይ ገና መንገድ እንደሚቀር ሲነግሩሽ እንደሆነ ነው። ያ እውነት ከ«ደስታ እንባ» ይበልጥብኛል፤ ሰው ሲያነበው ድካምሽ ይሰማዋል። ለምን እንዳለቀስሽ አልጻፍኩም። አንባቢው ከሌሊቱ ጀምሮ አብሮሽ ስለወጣ ይገባዋል።

«ነፍሴን አገኘኋት» የሚለውን ሰው ባሕር ዳርቻም በረሃም ሄዶ ይጽፈዋል። የቀዘቀዘው ቱቦ ግን የዚያ ሌሊት ብቻ ነው። ክንፉንና ሰማዩንም በዚሁ ምክንያት አወጣሁ። «አሸነፍኩ» የሚለውም ቀረ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ግማሹ ያህል ነው፣ 5,895 የሚለው ቁጥር ድካሙን ይናገርልሻል።

ረዳት መሪው የመጀመሪያው ላይ አልነበረም። ጓንቱን እንዳወለቀ የነገርሽኝ እንደ ዋዛ ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉም የያዝኩት እሱን ነው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ አኖርኩት። ከሱ በኋላ ምንም አትጨምሪበት፣ የልብ ምልክትም ቢሆን።

አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪልኝ፦ የተነሣችሁት ልክ 6 ሰዓት ነው ወይስ 5 ሰዓት ተኩል? ስልክሽ ላይ የዚያን ሌሊት የመጀመሪያውን ፎቶ ሰዓት እዪና አስተካክለሽ ለጥፊው።