ለእማዬ፣ ለሰባኛ ዓመትሽ

እማዬ፣ እንኳን ለሰባ ዓመትሽ አደረሰሽ!

"ልደት የልጅ ነው፣ ለአሮጊት ምን ያደርጋል" እንደምትይ አውቃለሁ። ግን ግንቦት 2 ቀን 1948 መወለድሽን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። አያቴን የልደታን ንፍሮ እየበላች ምጥ እንደያዛት ስትተርኪ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ማምለጫ የለሽም። መነጽርሽን አድርጊና አንብቢ። በመሠረተ ትምህርት እንደለመድሽው ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌዋለሁ።

አባዬ በ1982 ምጽዋ ላይ ሲቀር ሠላሳ አራት እንኳ አልሞላሽም ነበር። አሁን አርባ አምስት ሆኜ ሳስበው፣ ልጅ ነበርሽ እኮ! ዘመድ ተሰብስቦ "አግቢ" ሲልሽ፣ "ልጆቼ ላይ እንጀራ አባት አላመጣም" ብለሽ ወሬውን ዘጋሽው። በሩ ኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ብቻሽን መሆንሽ የገባኝ ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው።

ከዚያ እንጀራው መጣ። ሌሊት አስር ሰዓት ትነሺያለሽ። ሰጋቱራው እርጥብ የሆነ ቀን ዓይንሽ ቀልቶ ይውላል። ደህና ደህናው ለደንበኛ ይሄዳል፣ የተቀደደው ለእኛ። አንቺ ማሟሻዋን በሻይ ትበያለሽ። "እኔ የምወደው ማሟሻ ነው" ትይ ነበር፤ እኛም አምነንሽ ለፋሲካ ሳይቀር ማሟሻ አስቀመጥንልሽ! ሳትስቂ በላሽው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቅሳለሁ።

የወርቅ ጉትቻሽን ነገርም አውቃለሁ። "የንግሥ ግርግር ላይ ጠፋብኝ" ብለሽን ነበር። የነርስነት ትምህርቴን የከፈልሽበት እሱን ሸጠሽ መሆኑን እትዬ ነግራኛለች። እንዳትቆጫት፣ እኔ ነኝ ጨቅጭቄ ያስወጣኋት። እዚህ ሜሪላንድ ደመወዜ በገባ ቁጥር ያ ጉትቻ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ "ለእናንተ ብዬ" ብለሽ አታውቂም። ሌላው እናት ስትቆጣ እንኳ ታነሳዋለች። እኔ ራሴ ልጆቼን በሳምንት አንዴ ሳልላቸው አላልፍም!

እማዬ፣ አመሰግናለሁ። ስልክ ላይ ልለው ስጀምር "ካርድሽ ያልቃል" እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩት።

በወንድሜ እጅ ጉትቻ ልኬልሻለሁ። አድርጊው። ለልጅሽ ልጅ ሰርግ ብለሽ ሣጥን ውስጥ እንዳትቆልፊበት። ገንዘቡ ደግሞ ለጉልበትሽ ሕክምና ነው፤ ለእድር ሰው ድግስ አይደለም። ድግሱን ወንድሜ ችሎታል፣ እንጀራውም ተገዝቷል። በዚያ ቀን ምጣድ ጋ ከተገኘሽ ጎረቤቶችሽ ስልክ ይደውሉልኛል፣ ተነጋግረናል።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ለእኔም ጸልዪልኝ። ስደውል ምርቃትሽን አሳጥሪልኝ አልልሽም፣ የፈለግሽውን ያህል መርቂኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ