ኔፍሮን ደም የሚያጣራው እንዴት ነው? ለሐሙሱ ላብራቶሪ አንብባችሁ የምትመጡት ማስታወሻ

ሐሙስ ጠዋት የበግ ኩላሊት እንከፍታለን። ከዚያ በፊት ይህን ማስታወሻ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ደብረ ማርቆስ ያደጋችሁ ኩላሊትን በበዓል በግ ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ግን በምላጭ ከጎን እስከ ጎን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ታዩታላችሁ። ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ኮርቴክስ ይባላል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ቀጫጭን መስመሮች ወደ መሐል ሲሰበሰቡ ታያላችሁ፤ እሱ ሜዱላ ነው። መስመሮቹ ጌጥ አይደሉም። ጎን ለጎን የተደረደሩ ቱቦዎችና የደም ሥሮች ናቸው። በሰው አንድ ኩላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባል ጥቃቅን የማጣሪያ ቱቦ 1 ሚሊዮን ያህል አለ። አንዱ ኔፍሮን የሚሠራውን በደንብ ከገባችሁ የሌላው ሁሉ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ስህተት እናርም። «ኩላሊት ምን ይሠራል?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቻችሁ «መርዙን ከደም ውስጥ ለቅሞ ይጥላል» ትላላችሁ። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ እናታችሁ ምን ታዛለች? ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከዚያ የሚፈለገው አንድ በአንድ ይመለሳል፣ የማይፈለገው እዚያው ይቀራል። ኔፍሮንም እንዲሁ ነው። ለቅሞ የሚጥለው ነገር አለ፣ እሱን በሌላ ቀን እናየዋለን። ትልቁ ሥራው ግን ሁሉንም አውጥቶ የሚፈልገውን መመለስ ነው። እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የምወደው። ኩላሊት እያንዳንዱን ቆሻሻ ለይቶ ማወቅ አይጠበቅበትም። የሚፈልገውን ካወቀ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ማውጣቱን እንይ። ደም በአፈረንት አርቴሪዮል ገብቶ ግሎመሩለስ ወደሚባል የተጠቀለለ የካፒላሪ ጉንጉን ይደርሳል። የሚወጣው በኢፈረንት አርቴሪዮል ነው። ኢፈረንቱ ከመግቢያው ይጠብባል። ስለዚህ ጉንጉኑ ውስጥ ግፊቱ ከሌሎች ካፒላሪዎች ይበልጣል፤ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ይህን የሚቃወሙ ሁለት ኃይሎች አሉ። በደሙ ውስጥ የቀሩት ፕሮቲኖች ውኃን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ 32 ያህል። ጉንጉኑን አቅፎ የያዘው የቦውማን ካፕሱልም በበኩሉ 18 ይገፋል። ስሌቱ ይህ ነው፦

60 − 32 − 18 = 10

ማጣሪያውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ይህ 10 ነው። ሰውየው ብዙ ደም ፈሶት ግፊቱ ሲወርድ ሽንቱ ለምን እንደሚቀንስ ከዚህ ይገባችኋል።

ወንፊቱ ሦስት ድርብ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የካፒላሪው ግድግዳ፣ ከሥሩ ቤዝመንት ሜምብሬን፣ ከዚያ እግራቸውን እንደ ጣት ያጠላለፉት ፖዶሳይት ሴሎች። ውኃ፣ ሶዲየም፣ ግሉኮስ፣ አሚኖ አሲድ፣ ዩሪያ ያልፋሉ። የደም ሴሎች አያልፉም። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲንም ከሞላ ጎደል አያልፍም፤ ትልቅ ነው፣ በዚያ ላይ እሱም ወንፊቱም ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ሽንት ውስጥ አልቡሚን በብዛት ከተገኘ ሐኪሞች መጀመሪያ ይህን ወንፊት የሚጠረጥሩት ለዚህ ነው።

የሚጣራው በደቂቃ 125 ሚሊሊትር ነው፣ በቀን 180 ሊትር። ውኃ የምትቀዱበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡት፤ ዘጠኝ ጀሪካን ነው! በሰውነታችን ያለው ፕላዝማ ግን 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። እሱው በቀን 60 ጊዜ ይጣራል ማለት ነው። የምንሸናው ደግሞ 1.5 ሊትር ገደማ። የቀረው የት ሄደ? ተመለሰ።

አብዛኛው የሚመለሰው ገና በመጀመሪያው ጥምዝምዝ ቱቦ፣ በፕሮክሲማል ቱቡል ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ይህ ከገባችሁ ሌላው ይቀላል። የቱቦው ሴል በደም በኩል ባለው ጎኑ ፓምፕ አለው። ፓምፑ ኤቲፒ እያቃጠለ 3 ሶዲየም ወደ ደም በኩል ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ሶዲየም ያንሳል። ቱቦው ውስጥ ያለው ሶዲየም ደግሞ ወዳነሰበት መግባት ይፈልጋል። በአንዳንዱ በር ላይ ግን ብቻውን አይገባም፣ ግሉኮስ ወይም አሚኖ አሲድ አንጠልጥሎ ነው። ለግሉኮሱ የተለየ ኤቲፒ አልተከፈለም፤ በሶዲየሙ ጉዞ ተሳፈረ።

ውኃስ? ሰውነታችን ውስጥ የውኃ ፓምፕ የለም። ይህን አስምሩበት። ውኃ ጨው በሄደበት በኦስሞሲስ ይከተላል። በዚህ ቱቦ 65 ከመቶው ሶዲየምና ውኃ ይመለሳል፣ ስድስት ጀሪካን ያህል። ግሉኮሱ በጤናማ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። በሮቹ ግን ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። የደም ስኳር ከ180 እስከ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ወረፋው ይበዛል፣ የተረፈው ግሉኮስ ከሽንት ጋር ይሄዳል፣ ውኃም ይዞ ይሄዳል። የስኳር ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ የሚሸናውና የሚጠማው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቀጥሎ የሄንሌ ሉፕ ይመጣል። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣችሁ ግን መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሉፑም ወደ ሜዱላ ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ይወጣል። በሙቀቱ ፋንታ ጨው አድርጉ። ወደ ታች በወረደ ቁጥር በዙሪያው ያለው ጨው ይጨምራል።

የሚወርደው ክንድ ውኃ ያሳልፋል፣ ጨው ግን እምብዛም አያሳልፍም። ስለዚህ ውኃው ወደ ጨዋማው ዙሪያ ይወጣል። የፈሳሹ ጨዋማነት በሚሊኦስሞል ሲለካ ከ300 ጀምሮ መታጠፊያው ላይ እስከ 1200 ይደርሳል። የሚወጣው ወፍራም ክንድ ተቃራኒ ነው፤ ውኃ ፈጽሞ አያሳልፍም፣ 1 ሶዲየም፣ 1 ፖታሲየምና 2 ክሎራይድ አንድ ላይ እያነሳ ያስወጣል። ከተጣራው ሶዲየም 25 ከመቶ ገደማ እዚህ ይመለሳል። ጨው ወጥቶ ውኃ ስለቀረ ፈሳሹ ቀጥኖ ወደ 100 ይወርዳል። በረሃውን ጨዋማ የሚያደርገው ይኸው የሚወጣው ክንድ ነው። ምሳሌያችን እዚህ ላይ ይለያል፤ ዓባይ በረሃን የሚያሞቀው አውቶቡሱ አይደለም።

በዲስታል ቱቡል ጥቂት ጨው ይመለሳል፣ 5 ከመቶ ያህል፤ ብዙ አንቆይበትም። የመጨረሻው ውሳኔ ያለው በሰብሳቢው ቱቦ ላይ ነው። አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን የሶዲየም በሮችን ይጨምራል። ኤዲኤች የሚባለው ሆርሞን ደግሞ አኳፖሪን የሚባሉ የውኃ በሮችን ግድግዳው ላይ ያስተክላል።

ጤፍ ሲያጭድ የዋለ ገበሬ አስቡ። ላቡ ፈሷል፣ ደሙ ጨው በዝቶበታል። አንጎል ይህን አውቆ ኤዲኤች ይለቃል፣ በሮቹ ይከፈታሉ። ቱቦው በዚያ ጨዋማ ሜዱላ በኩል ስለሚያልፍ ውኃው ይወጣል። ሽንቱ ትንሽና ደማቅ ቢጫ ይሆናል፣ እስከ 1200 ሚሊኦስሞል። ማታ ጠላ ከጠጣ ግን አልኮሉ ኤዲኤችን ያፍናል። በሮቹ ይነሳሉ፣ ውኃው በቱቦው ዝም ብሎ ያልፋል፣ ሰውየው ደጅ ይመላለሳል።

ሐሙስ ስትመጡ የዚህን ጥያቄ መልስ በወረቀት ይዛችሁ ኑ። ፉሮሴማይድ የሚባለው መድኃኒት የሚወጣውን ወፍራም ክንድ ማጓጓዣ ይዘጋል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ኤዲኤች ቢኖረውም ሽንቱ ለምን ይበዛል? መልሱን ስትጽፉ ሜዱላውን አትርሱ።