ፍላሹ ደክሟል? መጀመሪያ ባልዲ አንሡ

ቁልፉን ትጫናላችሁ። ውሃው ይወርዳል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ግን መውሰድ ያለበትን ሳይወስድ ይቀራል። ድጋሚ እንዳትጫኑ ታንኩ ገና አልሞላም። አዳማ ላይ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ በባልዲ መድፋት የተለመደ ነው። ስለዚህ ፍላሹ እየደከመ እንደመጣ ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ።

ደካማ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ነው። ወይ ውሃው ወደ ሳህኑ በደንብ አይገባም፣ ወይ ከሳህኑ በደንብ አይወጣም። አለመግባቱ በጠርዙ ስር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ነው። አለመውጣቱ ከሳህኑ ጀርባ ባለው ጠማማ መውጫ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀረቀር ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ብር መጣል ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የታንኩን ክዳን አንሡ። ውሃው መሃል ላይ ከቆመው ባዶ ቱቦ አፍ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ተንሳፋፊውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ አሸዋ የተሞላ ሃይላንድ ወይም ጡብ ታንኩ ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነም ተመልከቱ። አውጡትና ሞክሩ። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ባልዲ። ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ውሃ ሙሉና ከወገብ ከፍታ ባንድ ጊዜ ሳህኑ ውስጥ ድፉት። ቀስ እያላችሁ ካፈሰሳችሁ ምንም አይነግራችሁም። የውሃው ብዛትና ፍጥነት አንድ ላይ ሲመጣ ነው ጠማማው መውጫ ሞልቶ ያለውን ሁሉ ስቦ የሚወስደው። አሁን ዓይናችሁን ከውሃው አትንቀሉ። ጉርርር ብሎ ጥርግ ካለ መውጫው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ከወረደ ግን መውጫው በከፊል ተዘግቷል። ሁለቱም የታመሙበት ቤት አለ። ያኔ ከመውጫው ጀምሩ፤ በተዘጋ መውጫ ላይ ውሃ መጨመር ወለል ማጥለቅለቅ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን እንይ። ትንሽ መስታወት ከጠርዙ ስር ያዙና በስልካችሁ መብራት አብሩ። ጤነኛ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ክብና ክፍት ናቸው። ፍላሽ ስታደርጉም ውሃው ዙሪያውን እኩል ይወርዳል። የተደፈነ ከሆነ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ታያላችሁ። ውሃውም ከሦስት ከአራት ቀዳዳ ብቻ ቀጥ ብሎ ይንጠባጠባል።

ቅርፊቱ ውሃው ራሱ ይዞት የመጣ ማዕድን ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ዘመድ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ፣ በተለይ የጉድጓዱ፣ ማዕድን ይበዛበታል። በዚያ ላይ የአዳማ ነፋስ አለ። የሮቶው ክዳን ክፍት ካደረ አቧራው እዚያ ይገባል፤ ደለሉ ወርዶ ታንኩ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የሮቶውን ክዳን ሳትዘጉ ቀዳዳ ማጽዳት አያዋጣም።

ማጽዳቱ ማታ ነው የሚጀመረው። የታንኩን መግቢያ ቫልቭ ዝጉና ፍላሽ አድርጋችሁ ባዶ አድርጉት። ግማሽ ሊትር ያህል አቼቶ እጅ በሚችለው ልክ አሙቁ። አታፍሉት፤ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ድንገት የፈላ ነገር ሲነካው ይሰነጠቃል። አቼቶውን ታንኩ መሃል በቆመው ባዶ ቱቦ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። እሱ በቀጥታ ወደ ጠርዙ ይወርዳል። ከዚያ ሶፍት በአቼቶ ነክራችሁ ጠርዙ ስር ዙሪያውን ለጥፉ፤ ቅርፊቱ ሳይደርቅ ይደር።

ጠዋት ሶፍቱን ለቅማችሁ ወደ ፌስታል ጣሉ፤ መውጫው ውስጥ እንዳትለቁት። አሁን ቁራጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውሰዱ፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ። ባዶ ብረት ሴራሚኩን ይጭራል፤ ጭረቱ ላይ ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። ጫፉን ትንሽ አጥፉና እያንዳንዱን ቀዳዳ እያዞራችሁ ፈልፍሉ። መጀመሪያ ሽቦው አልገባም ይላል፣ ከዚያ ቀጭን ቅርፊት ጠብ ይላል፣ ከኋላው ቡናማ ውሃ ይከተላል። አንዱንም ሳታስቀሩ ዙሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት በፊት በኩል ያሉት ናቸው። አንዳንድ መቀመጫ ከታች፣ ወደ መውጫው ያነጣጠረ አንድ ትልቅ ቀዳዳም አለው። ካለ እሱንም። በብሩሽ ፈትጉ፣ ቫልቩን ክፈቱ፣ ሁለቴ ፍላሽ አድርጉ። የከረመ ከሆነ በሌላ ማታ ይደገማል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። አቼቶና በረኪና አይገናኙም። ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሽንት ቤት ደግሞ ጠባብ ክፍል ነው። ቀን በረኪና ደፍታችሁ ከነበረ በብዙ ውሃ እጠቡና አቼቶውን ለነገ አቆዩ። በጠርሙስ የሚሸጠውን ጠንካራ አሲድ እኔ ለቤት አልመክርም። ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረት ይበላል፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝማ ከአቼቶው የባሰ ነው።

አሁን መውጫው። የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በዋይፕስ፣ በሞዴስና በዳይፐር ነው። ሶፍት ውሃ ውስጥ ይበታተናል፣ እነሱ አይበታተኑም። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የጥርስ ብሩሽ ወይም መጫወቻ ይገኛል። እንዲህ ያለው ጠንካራ ነገር አግድም ይቆምና ውሃ ያሳልፋል፣ ሶፍት ግን ይይዛል። «አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ እምቢ ይላል» የምትሉት ይህንን ነው።

ጓንት አድርጉ። አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ በፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ድፉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀጥሎ የጎማ ፓምፑ። ጎማው ውሃ ውስጥ መስጠም አለበት፤ አየር ከገፋችሁ ጉልበታችሁ በከንቱ ነው። የመጀመሪያውን በቀስታ ተጫኑ፣ ከዚያ ጎማው ሳይነሣ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ ገፋ ሳብ አድርጉ። ዋናው ሥራ መሳቡ ላይ ነው። ፓምፕ ከሌለ የመወልወያውን ጨርቅ ያለበትን ጫፍ በፌስታል ጠቅልሎ አጥብቆ ማሰር ይቻላል፤ እንደ ፓምፑ ባይሆንም ይሠራል።

ካልተከፈተ ቧንቧ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ረጅም ስፕሪንግ ሞክሩ። እያዞራችሁ አስገቡት። የሆነ ነገር ሲነካ አትግፉ፣ አዙሩና ሳቡ። መጫወቻ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በፍጹም አትግፉ፤ ወደ ውስጥ ከሄደ መቀመጫውን ማስፈታት ይመጣል።

የወለሉ ፍሳሽም አብሮ ከዘገየ፣ ወይም ፍላሽ ስታደርጉ ከወለሉ ጉርጉር የሚል ድምፅ ከመጣ፣ ችግሩ ከሽንት ቤታችሁ አልፏል። ወይ ዋናው ቱቦ ነው ወይ ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ የታች ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ግቢ ከሆነ የሴፕቲኩን ክዳን አስከፍታችሁ አሳዩ፤ ልጆችን አርቁ፣ ማንም ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ እሳትም እንዳይቀርብ። ሞልቶ ከተገኘ የሚመጥጥ መኪና ጥሩ።

ሲያልቅ ባልዲውን እንደገና ድፉ። ከዚያ አምስት ስድስት ቅጠል ሶፍት ጥላችሁ በቁልፉ ብቻ ፍላሽ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከሄደ ጨርሳችኋል። በባልዲ ሄዶ በቁልፍ ካልሄደ መስታወቱን ይዛችሁ ወደ ቀዳዳዎቹ ተመለሱ።