አንድ ቅናሽ፣ ሦስት ማስታወቂያ፦ ከሽሮ ሜዳው የሀበሻ ልብስ ሱቃችን

ለመሥሪያ ቤቶች (በደብዳቤ)

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የባህል አልባሳት ዋጋ ቅናሽን ስለማሳወቅ

ሱቃችን መጪውን የዘመን መለወጫ በዓል ምክንያት በማድረግ ከነሐሴ 20 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በእጅ በተሸመኑ አልባሳት ላይ የ25 በመቶ ቅናሽ አድርጓል። በዚህም መሠረት የሴቶች ቀሚስ ከ8,000 ወደ 6,000 ብር፣ የወንዶች ሸሚዝ ከ2,400 ወደ 1,800 ብር፣ ነጠላ ከ1,200 ወደ 900 ብር ዝቅ ብሏል። ከ10 ልብስ በላይ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት በቦታው ተገኝተን ልክ እንወስዳለን። ሽያጩ በሕጋዊ ደረሰኝ ይፈጸማል። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንዲለጠፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ለነባር ደንበኞቻችን (በቴሌግራም)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ፍልሰታን የጾማችሁ፣ እንኳን ለፍቺው አደረሳችሁ።

ለፋሲካ መጥታችሁ «ቀሚሱስ ያምራል፣ ዋጋው ግን…» ብላችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። አልረሳኋችሁም። ያቺ ደረቷ ላይ ወርቃማ ጥልፍ ያላት ቀሚስ 6,000 ብር ገብታለች። ነጠላ 900 ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዲዛይኑ የአምና ነው። ለዘንድሮው መደርደሪያ ስለጠበበን ነው የቀነስነው። ሽመናው ግን ያው የምታውቁት ነው። ጥበቡን ገልብጣችሁ በጀርባው እዩት፣ የተንጠለጠለ ክር ካገኛችሁ ተናገሩኝ። አረንጓዴ ጥበብ ያላቸው ሦስት ቀሚሶች ብቻ መስኮት ላይ ተሰቅለው ከርመው ፀሐይ አደብዝዟቸዋል። እነሱን በ5,000 ውሰዱ፣ ግን ደጅ አውጥታችሁ በብርሃን አይታችሁ።

ማሳጠርና ማጥበብ በነፃ ነው። መቀየርም እስከ ጳጉሜን 3 ይቻላል። ገንዘብ መመለስ ግን የለም፣ ኋላ እንዳንቀያየም ከአሁኑ ልበል። ከ9 ሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፣ ባትገዙም ጠጥታችሁ ሂዱ።

ለወጣቶች (በቲክቶክ)

አበባየሆሽ? ለምለም!
ቀሚሱስ? 6,000!
ነጠላውስ? 900!
ቦርሳሽስ? ዝም! 😅

የእንቁጣጣሽን ፎቶ በጂንስ ልትነሺ ነው? ኧረ ተይ! አደይ አበባዋ ራሷ ለብሳ ነው የምትመጣው።

አንተም አትሳቅ ወንድሜ። ያ ሸሚዝህ ስንት ሠርግ፣ ስንት ጥምቀት አየ? ጡረታ ይውጣ እንጂ። አዲሱ 1,800 ብር ነው። አንገቱ ላይ ጥበብ አለው፣ ሐብል አያስፈልግህም።

ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ። እስከ ጳጉሜን 3 ብቻ!

«ጳጉሜን 5 እመጣለሁ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ፣ እናውቃችኋለን። ጳጉሜን 5 ሱቁ ዝግ ነው፣ ዶሮ ልንገዛ ወጥተናል። 🐓