ከመጀመሪያ ግዥ በፊት የኬሚካል ደህንነት መረጃና የማረጋገጫ ሰነዶችን ስለመጠየቅ

ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጤና ይስጥልኝ።

ለሆቴላችን የላካችሁት ፕሮፎርማ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ዋጋውም የማስረከቢያ ጊዜውም ተስማምቶናል። ማዘዣውን ከመፈረማችን በፊት ግን የአምስቱንም ምርቶች ሴፍቲ ዳታ ሺትና የማረጋገጫ ወረቀቶች ማየት እንፈልጋለን። ምርቶቹ ባለ 20 ሊትሩ በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ፣ የምድጃ ቅባት ማስለቀቂያው፣ የወጥ ቤት ጀርም ማጥፊያውና የእጅ ፈሳሽ ሳሙናው ናቸው።

ለምን እንደምንጠይቅ ላስረዳ። ከዚህ በፊት ከሌላ አቅራቢ የገዛነው ቅባት ማስለቀቂያ ከጀሪካን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ሲገለበጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛችን ዓይን ውስጥ ተረጨ። በውሃ ደጋግመን አጥበን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው «ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ነበር። ጀሪካኑ ላይ የነበረው የንግድ ስምና የሎሚ ሥዕል ብቻ ነው። አቅራቢው ጋ ስንደውል «ያው ሳሙና ነገር ነው» አለን። ሠራተኛችን ድናለች፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ዳግመኛ መልስ አጥተን መቆም አንፈልግም።

ስለዚህ ሰነዱ አምራቹ ራሱ ያዘጋጀው፣ 16ቱም ክፍሎች የተሟሉለትና ጀሪካኑ ላይ ያለውን የምርት ስም የያዘ ይሁን። በመጨረሻ የተሻሻለበት ቀንም ይታይ። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ አምራች ሰነድ አይጠቅመንም፤ የኬሚካሉ መጠን ሲለያይ ጥንቃቄውም ይለያያል። ፕሮፎርማው በረኪናውን 5 በመቶ ይለዋል። ክፍል 3 ላይ የተጻፈው የሶዲየም ሃይፖክሎራይት መጠንም ከዚህ ጋር መግጠም አለበት። የአሲዱና የቅባት ማስለቀቂያው አደገኛ ንጥረ ነገሮች በስም፣ በሲኤኤስ ቁጥርና በመቶኛ ይገለጹ። ትክክለኛው መጠን የንግድ ምስጢር ከሆነ ከዚህ እስከዚህ በመቶ ብላችሁ ብትጽፉልን ይበቃናል።

በጣም የምናተኩረው ክፍል 7 እና ክፍል 10 ላይ ነው። የጽዳት ዕቃ መጋዘናችን አንድ ብቻ ነው፤ በረኪናውም አሲዱም እዚያው ይገባሉ። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንዱ ሳይታጠብ ሌላው ከተደፋበት ሠራተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። የትኛውን ከየትኛው ለይተን እንደምናስቀምጥ የምንወስነው ከሰነዱ ነው። ጀርም ማጥፊያው ከበረኪና ጋር አንድ ላይ መዋል ይችል እንደሆነም በግልጽ ጻፉልን። ክፍል 8 ላይ «ጓንት ይጠቀሙ» የሚል ብቻ አይበቃም፤ ከምን የተሠራ ጓንት እንደሆነ ይጠቀስ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ቢሆን ችግር የለም። የመጀመሪያ ዕርዳታውን ክፍል በአማርኛም ከላካችሁልን ግን አትመን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ወደ ማረጋገጫዎቹ ስንመጣ፣ ለበረኪናው የባች ቁጥርና የተመረተበት ቀን ያለው የላቦራቶሪ ውጤት እንፈልጋለን። በረኪና በሙቀትና በብርሃን፣ እንዲሁም ሲቆይ ኃይሉ ስለሚቀንስ ቀኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ለጀርም ማጥፊያው የኢኤን 1276 ወይም ተመጣጣኝ የፍተሻ ሪፖርት ላኩልን፤ በምን ያህል ውሃ ተበጥብጦ፣ ከጀርሙ ጋር ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ይሁን። የአይኤስኦ 9001 ሰርተፍኬት ካላችሁ ደስ ይለናል። እሱ ግን የድርጅቱን አሠራር እንጂ የዚህን ጀሪካን ይዘት ስለማይናገር የላቦራቶሪውን ውጤት አይተካም። በሕግ ምዝገባ የሚያስፈልገው ምርት ካለ ጊዜው ያላለፈበት የምዝገባ ወረቀት ይያያዝ። አምራቹ እናንተ ካልሆናችሁ የወኪልነት ደብዳቤውንም ጨምሩልን።

ናሙና እንደምትልኩ በስልክ ነግራችሁን ነበር። እባካችሁ ከሰነዱ በፊት አትላኩት፤ ሰነድ የሌለው ኬሚካል በናሙና መልክም ቢሆን ከበር አይገባም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ካልተሟላ የተዘጋጀውን አስቀድማችሁ ላኩልን። ለምሳሌ የእጅ ሳሙናው ወረቀት ከተሟላ የእሱን ማዘዣ ለብቻው እንሠራለን፤ የቀሩት ምርቶች ሰነዳቸው እስኪመጣ ይቆያሉ።

ሰነዶቹን ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በፒዲኤፍ በዚሁ ኢሜይል ብትልኩልን መልካም ነው። ይዘቱን የሚያውቅ የቴክኒክ ሰው ካላችሁ ስሙንና ስልኩን ጻፉልን፤ ጥያቄ ሲኖረን በቀጥታ እንደውልለታለን። በሌላ ጊዜ የምርቱ ቅንብር ከተቀየረም አዲሱ ሰነድ ከዕቃው ቀድሞ እንዲደርሰን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የግዥ ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለጽዳት አገልግሎት ክፍል
ለንብረት ክፍል